«ንፋስ የሚሰጥ ነገር አላችሁ?» ለሚል ደንበኛ መፈለጊያ መሥራት

አክስቴ ድሬዳዋ ውስጥ ቀፊራ አካባቢ የቤትና የኤሌክትሪክ ዕቃ ትሸጣለች። ሱቁ ጠባብ ነው፤ ዕቃው ግን 1,200 ዓይነት ይደርሳል። ልጇ ዝርዝሩን ኮምፒውተር ላይ አስገብቶ ደንበኛ ከስልኩ እንዲፈልግ አንድ ገጽ ሠራለት። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ሰው «ንፋስ የሚሰጥ» ብሎ ፈለገ። ገጹ «ምንም አልተገኘም» አለው። ያን ጊዜ ሱቁ ውስጥ አሥራ አራት ቬንትሌተር ተደርድሮ ነበር። ድሬ ላይ፣ ያውም በሙቀት ወር!

ጥፋቱ የማንም አልነበረም። ዝርዝሩ ላይ የተጻፈው «ቬንትሌተር ቋሚ 16» ነው። ተራ ፍለጋ የሚያየው ፊደል ብቻ ነው። «ንፋስ» የሚለው ቃል በዚያ መስመር ላይ የለም፤ ስለዚህ ዕቃውም የለም። አክስቴ በሩ ላይ ብትሆን ኖሮ ሰውየው ጥያቄውን ሳይጨርስ ጣቷን ወደ ጥግ ትቀስር ነበር። እሷ የምትሰማው ፊደሉን ሳይሆን የተፈለገውን ነገር ነው። እኛም ከኮምፒውተሩ የፈለግነው ይህንኑ ነው። ሥራው በትርጉም መፈለግ ይባላል። ሳምንት የማይፈጅ ሥራ ነው፤ ግን አማርኛ ላይ የሚያደናቅፍ ድንጋይ አለው። እኔም ተደናቅፌበታለሁ።

ቃል ወደ ቁጥር

ነገሩ የቆመው ኢምቤዲንግ በሚባል ሐሳብ ላይ ነው። አንድ የሠለጠነ ሞዴል ጽሑፍ ይቀበልና የቁጥሮች ዝርዝር ይመልሳል። ዝርዝሩ ቬክተር ይባላል። ሞዴሉ በሥልጠናው ብዙ ጽሑፍ ስላየ፣ ትርጉማቸው የተቀራረበ ጽሑፎች ቁጥራቸውም ተቀራራቢ እንዲሆን ተደርጎ ተገርቷል። ልክ ገበያ ውስጥ ቅመም ሻጮች በአንድ ረድፍ፣ ጨርቅ ሻጮች በሌላ ረድፍ እንደሚቀመጡ ነው። የሻጩን ስም ባታውቁም ረድፉን ካገኛችሁ ዕቃው አጠገባችሁ ነው።

ትንሽ ምሳሌ በእጃችን እንሥራ። እውነተኛው ቬክተር በመቶ የሚቆጠሩ ቁጥሮች አሉት፤ እኛ ለማየት እንዲመች ሁለት ብቻ እንያዝ። ቁጥሮቹን እኔ ነኝ የፈጠርኳቸው። ቬንትሌተር 0.8 እና 0.6 ይሁን። ዲቫይደር 0.28 እና 0.96 ይሁን። «ንፋስ የሚሰጥ» የሚለው ጥያቄ ደግሞ 0.96 እና 0.28 ሆኖ ወጣ እንበል። ቅርበቱን ለማወቅ የመጀመሪያውን በመጀመሪያው፣ ሁለተኛውን በሁለተኛው እናባዛና እንደምራለን። ለቬንትሌተር 0.768 ሲደመር 0.168፣ ማለትም 0.936 ይመጣል። ለዲቫይደር 0.2688 ሲደመር 0.2688፣ ወደ 0.54 ይመጣል። ቬንትሌተር አሸነፈ። ፍለጋው ይኸው ነው፤ ማባዛትና መደመር። እያንዳንዱ ቬክተር ርዝመቱ 1 እንዲሆን አስቀድሞ ከተስተካከለ ይህ ውጤት ኮሳይን የሚባለው የቅርበት መለኪያ ነው፤ ትልቁ ሊደርስበት የሚችለው 1 ነው።

ከባዱ ሥራ ቁጥሮቹን ማውጣት ነው። ያ የሞዴሉ ሥራ ነው። እኔም የተሸወድኩት እዚያው ላይ ነው።

ሁሉም ነገር 1.0 የሆነበት ቀን

መማሪያዎች ላይ ቶሎ ቶሎ የሚጠቀሰውን ሞዴል አነሣሁ፤ `all-MiniLM-L6-v2` ይባላል። ትንሽ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ተራ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል። የአክስቴን ዝርዝር ሰጠሁት። ምንም ስሕተት አላሳየም፤ ለያንዳንዱ ዕቃ 384 ቁጥር አወጣልኝ። ደስ አለኝ። ከዚያ «ንፋስ የሚሰጥ ነገር» ብዬ ፈለግኩ። «ድስት ክዳን ያለው»፣ «ምስማር ባለ ቆርቆሮ»፣ «መጥረጊያ ረጅም እጀታ» እያለ ደረደረልኝ። የሁሉም ቅርበት 1.0።

1.0 ማለት «ፍጹም አንድ ናቸው» ማለት ነው። ድስትና መጥረጊያ! የአክስቴ ልጅ ስክሪኑን አይቶ «አቦ፣ ይሄ ነገር ሰክሯል» አለኝ።

አልሰከረም። ማንበብ አይችልም እንጂ። ሞዴል ጽሑፍን በቀጥታ አያይም። መጀመሪያ ጽሑፉ ቶክን ወደሚባሉ ቁርጥራጮች ይከፈላል። ይህ ሞዴል በእንግሊዝኛ የተሠራ የ30,522 ቁርጥራጮች መዝገብ ይዞ ነው የሚመጣው። በመዝገቡ ውስጥ የእኛ ፊደል የለም። የማያውቀው ፊደል ያለበት ቃል ሲመጣ ቃሉን በሙሉ `[UNK]` ብሎ ያልፈዋል፤ «የማይታወቅ» ማለት ነው። በአንድ መስመር ማየት ይቻላል፤ `m` የጫንኩት ሞዴል ነው፦

```python
m.tokenizer.tokenize("ድስት ክዳን ያለው")
# ['[UNK]', '[UNK]', '[UNK]']
```

አሁን ገባችሁ? «ንፋስ የሚሰጥ ነገር» ሦስት ቃል ነው። እንደ ሦስት የማይታወቅ ይቆጠራል። «ድስት ክዳን ያለው»ም ሦስት የማይታወቅ ነው። ለሞዴሉ ሁለቱ አንድ ዓይነት ጽሑፍ ናቸው፤ ስለዚህ ቬክተራቸውም አንድ ነው። ፍለጋው በትርጉም መሆኑ ቀርቶ በቃላት ብዛት ሆኖ ነበር። የሚያሳዝነው ፕሮግራሙ አንድም ማስጠንቀቂያ አለመስጠቱ ነው። ቁጥሩ ይወጣል፣ ውጤቱ ይደረደራል፣ ገጹም ያምራል።

ስለዚህ ማንኛውንም ሞዴል ከመያዛችሁ በፊት ሁለት ነገር አድርጉ። አንደኛ፣ ከላይ እንዳለው ቶክኑን እዩ። `[UNK]` ከበዛ ዝጉትና ሌላ ፈልጉ። ሁለተኛ፣ ምንም የማይገናኙ ሁለት የአማርኛ ቃላትን ቅርበት ለኩ፤ ምስማርና ጀበናን ለምሳሌ። 1.0 ከመጣ ነገሩ አልቋል።

ቶክኑ ጥሩ መሆኑ ብቻ ግን በቂ አይደለም። `paraphrase-multilingual-MiniLM-L12-v2` የሚባል ሞዴል አለ፤ ስሙ ብዙ ቋንቋ ይላል። ፊደላችንንም ቆራርጦ ያነባል። ሆኖም ትርጉምን እንዲያዛምድ ከሠለጠነባቸው ከ50 በላይ ቋንቋዎች መካከል አማርኛ የለም። ይህ ከመጀመሪያው የባሰ አታላይ ነው። ውጤቱ 1.0 አይሆንም፤ የተለያየ ቁጥር ያወጣል፤ የሚሠራ ይመስላል። ስለዚህ የሞዴሉን መግለጫ ስታነቡ `am` የምትለዋን ምልክት ፈልጉ። አማርኛ ማለት ናት።

እኔ በመጨረሻ የያዝኩት `multilingual-e5-small` የሚባለውን ነው። ወደ 470 ሜጋባይት ይመዝናል፣ 384 ቁጥር ያወጣል፣ ያለ ውድ የግራፊክስ ካርድም ተራ ኮምፒውተር ላይ ይሄዳል። ከአማርኛ ሌላ ኦሮምኛና ሶማልኛም በዝርዝሩ ውስጥ አሉ፤ ለድሬ ይህ ትርፍ ነገር አይደለም። በአንድ ጥዋት ሱቁ በር ላይ በሦስቱም ይጠየቃል። ግን ከልክ በላይ አትመኑት። የዚህ ሞዴል ዝርያ የሚመዘዘው ኤክስኤልኤም-ሮበርታ ከሚባለው ነው። እሱ ሲሠለጥን ወደ 300 ጊጋባይት የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ሲያነብ ከአማርኛ ያነበበው 0.8 ጊጋባይት ነው። ከኦሮምኛ ደግሞ 0.1 ገደማ። የሚያውቀን እንደ ሩቅ ዘመድ ነው፤ ስማችንን ይዟል፣ ጠባያችንን በደንብ አያውቅም።

አንድ ትንሽ ሕግ አለችው። ጥያቄ ሲሰጠው ፊት ላይ `query: `፣ የዕቃ መግለጫ ሲሰጠው `passage: ` መጻፍ አለበት። በእንግሊዝኛ፣ ልክ እንዳለ፣ ከነክፍተቱ። የሠለጠነው እንደዚያ ስለሆነ ነው። ብትረሱት ስሕተት አይልም፤ ዝም ብሎ ውጤቱ ይደክማል።

```python
from sentence_transformers import SentenceTransformer
m = SentenceTransformer("intfloat/multilingual-e5-small")

P = m.encode(["passage: " + t for t in texts],
             normalize_embeddings=True)
q = m.encode("query: ንፋስ የሚሰጥ ነገር",
             normalize_embeddings=True)
scores = P @ q
top = scores.argsort()[::-1][:5]
```

`texts` የዕቃዎቹ መግለጫ ዝርዝር ነው። `P @ q` ያው የቅድሙ ማባዛትና መደመር ነው፤ ለ1,200ውም ዕቃ በአንድ ጊዜ። የመጨረሻው መስመር ከፍተኛ ቅርበት ያላቸውን አምስቱን ያወጣል።

ለሞዴሉ ምን ይሰጠው?

ትክክለኛው ሞዴል ተይዞም የመጀመሪያው ውጤት ግማሹ ቀልድ ነበር። ዝርዝሩን ስናየው ገባን። «ቬንት. ቋ. 16»፣ «ካቻ. ኮከብ»፣ «ጎማ 1/2 አረን»። ይህ የሱቅ ሰው ለራሱ የያዘው ማስታወሻ ነው። እኔ እንኳን ሳልጠይቅ አይገባኝም፤ ሞዴሉ ከየት አምጥቶ ይረዳል?

ስለዚህ ከሰዓት ሙቀቱ በርትቶ ሱቁ ሲዘጋ፣ ቡና እየተፈላ፣ አክስቴን አጠገባችን አስቀመጥናት። እኛ ዕቃውን እንጠራለን፤ እሷ ሰው ምን ብሎ እንደሚጠይቅበት ትነግረናለች። ካቻቪቴ፣ የብሎን መፍቻ፣ «ያቺ የምታዞረው» የሚልም አለ። ትልቁን የውሃ በርሜል ማንም ሰው ታንከር አይለውም፤ ሮቶ ነው የሚባለው፣ የማንም ፋብሪካ ይሁን። የእጅ መብራቱ ባትሪ ነው፤ ባትሪውም ባትሪ ነው። በዚህ ላይ ለብቻው ሩብ ሰዓት ተከራክረናል።

ከዚያ ለያንዳንዱ ዕቃ ሁለት ወይም ሦስት አጭር ዓረፍተ ነገር ጻፍን። ስሙ፣ ሌላ መጠሪያው፣ ለምን እንደሚያገለግል። የቬንትሌተሩ እንዲህ ሆነ፦ «ቋሚ ቬንትሌተር። ፋን፣ ማራገቢያ። በሙቀት ጊዜ ክፍል ውስጥ ንፋስ የሚሰጥ፣ በመብራት የሚሠራ። ventilator, fan.» የእንግሊዝኛውን ስም መጨመር ሁለት ጥቅም አለው። ሞዴሉ እንግሊዝኛ በደንብ ስለሚያውቅ ዕቃው የቱ ረድፍ ላይ እንደሚቀመጥ ይገባዋል። ደግሞም ልጆቹ ስልካቸው ላይ በላቲን ፊደል ነው የሚጽፉት። «mitad» ብሎ የሚጽፍ ሰው ምጣድ እንደሚፈልግ ይህ ሞዴል በራሱ እንዲያውቅ አትጠብቁ። ሲቀናው ያገኘው ይሆናል፤ መግለጫው ላይ «mitad» ብሎ መጻፍ ግን በዕድል ላይ አይንጠለጠልም።

መጻፍ የሌለበትም አለ። የአክስቴ ልጅ ለማሳመር ብሎ በሁሉም መግለጫ መጨረሻ ላይ «ጥራቱ የተረጋገጠ፣ ዋጋው ተመጣጣኝ፣ ይዘዙን እናደርሳለን» የሚል ለጥፎ ነበር። ለደንበኛ ያምራል። ለቬክተሩ ግን መርዝ ነው። ቬክተሩ የመላው ጽሑፍ ድብልቅ ስለሆነ፣ ከመግለጫው ግማሹ በሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ከሆነ ዕቃዎቹ ሁሉ አንድ ቦታ ይከማቻሉ። ልዩነታቸው ይደበዝዛል። ማስታወቂያው ገጹ ላይ ይቀመጥ፤ ወደ ሞዴሉ አይግባ። ዋጋም እንዲሁ አይግባ፤ ዋጋ ይቀያየራል፣ ለትርጉምም የሚጨምረው የለም።

ኢንዴክሱ፣ በአጭሩ

ሰዎች ብዙ የሚጨነቁት እዚህ ላይ ነው፤ ለትንሽ ሱቅ ግን ከሁሉ የቀለለው ይህ ነው። ኢንዴክስ ማለት ቬክተሮቹ የሚቀመጡበትና የቅርቡን ቶሎ ለማግኘት የሚረዳው መዋቅር ነው። እንደ ኤችኤንኤስደብልዩ ያሉ ረቂቅ ዓይነቶች ሁሉንም ሳያዩ በአቋራጭ ወደ ቅርቡ ይደርሳሉ። በምላሹ አልፎ አልፎ ትክክለኛውን ዕቃ ያመልጣቸዋል። በሚሊዮን ለሚቆጠር ዕቃ ይህ ግብይት ያዋጣል።

እኛስ? 1,200 ዕቃ በ384 ቁጥር፣ እያንዳንዱ ቁጥር 4 ባይት። ተባዝቶ 1.8 ሜጋባይት ነው፤ ከአንድ የስልክ ፎቶ አይበልጥም። ለአንድ ጥያቄ የሚያስፈልገው ማባዛት 460,800 ነው። ለኮምፒውተር ይህ የዓይን ጥቅሻ እንኳን አይሆንም። ጊዜው የሚሄደው ጥያቄውን ወደ ቬክተር በመቀየሩ ላይ ነው እንጂ በፍለጋው ላይ አይደለም። ስለዚህ አቋራጭ የማይሄድ፣ ሁሉንም የሚያይ ጠፍጣፋ ኢንዴክስ በቂ ነው። ከላይ ያለው `P @ q` ራሱ ጠፍጣፋ ኢንዴክስ ነው። ፋይስ በሚባለው የኮድ ቤተ መጻሕፍት መያዝ ከፈለጋችሁም፦

```python
import faiss
ix = faiss.IndexFlatIP(384)
ix.add(P)
scores, ids = ix.search(q.reshape(1, -1), 5)
```

ሱቁ አሥር እጥፍ ቢያድግ እንኳን ይህንን አትንኩት። በወር የሚከፈልበት የቬክተር ዳታቤዝ ሊሸጥላችሁ የሚመጣ ካለ ቡና ጋብዛችሁ ሸኙት። አዲስ ዕቃ ሲገባ የዚያን ዕቃ ቬክተር ብቻ አውጥታችሁ ትጨምራላችሁ። ሞዴል ከቀየራችሁ ግን ሁሉንም እንደ አዲስ ማውጣት ግዴታ ነው። የሁለት ሞዴል ቁጥሮች እኩል 384 ቢሆኑም አይነጻጸሩም።

ቁጥርና «የማይ»

አንድ ቀን ኤሌክትሪሻን ደንበኛ «አምፖል 9 ዋት» ብሎ ፈለገ። አንደኛ የመጣው 15 ዋት፣ ሁለተኛው 5 ዋት፣ 9ኙ አራተኛ። ለቬክተሩ ሦስቱም አምፖል ናቸው፤ ቁጥሩ ትንሽ ቅመም ናት። ለኤሌክትሪሻኑ ግን ነገሩ ቁጥሩ ነው። 1/2 የጠየቀ ሰው 3/4 ጎማ ብትሰጡት ይዞት አይሄድም።

ለዚህ ሁለት መድኃኒት አለ። የመጀመሪያው፣ መጠን የራሱ ዓምድ ይኑረው። ዋት፣ ኢንች፣ ሊትር። ከጥያቄው ውስጥ ቁጥሩን አውጥታችሁ መጀመሪያ በእሱ ታጣራላችሁ፤ ቬክተሩ የሚያወዳድረው የቀሩትን ነው። «9 ዋት»፣ «9ዋት»፣ «9W» ሦስቱም መያዝ አለባቸው፦

```python
import re
re.findall(r"(\d+)\s*(?:ዋት|w)", q_text.lower())
```

ሁለተኛው፣ ተራውን የፊደል ፍለጋ አለመጣል ነው። የሞዴል ቁጥር፣ የፋብሪካ ስም፣ ሰው በትክክል የሚያውቀው ስም ሲመጣ ተራው ፍለጋ ከቬክተሩ ይበልጣል። ሁለቱን ጎን ለጎን ታስኬዱና ትቀላቅላላችሁ። ችግሩ የሁለቱ ነጥብ አይነጻጸርም። ስለዚህ ነጥባቸውን ትታችሁ ተራቸውን ትወስዳላችሁ። በፈረንጆቹ 2009 ኮርማክ፣ ክላርክና ቡትቸር ያቀረቡት ቀላል ቀመር አለ፦ ለያንዳንዱ ዝርዝር 1 ለ(60 ሲደመር ተራው) እያካፈሉ መደመር። ለምሳሌ አንድ ዕቃ በፊደል ፍለጋ 1ኛ፣ በቬክተር 4ኛ ቢወጣ 1/61 እና 1/64 ተደምሮ 0.0320 ያገኛል። ሌላው በቬክተር 1ኛ ሆኖ በፊደል ጨርሶ ባይገኝ 1/61 ብቻ፣ 0.0164። ሁለቱም የመሰከሩለት ዕቃ ወደ ላይ ይወጣል። ፊደል ፍለጋው ባዶ ሲመጣ ደግሞ ቬክተሩ ብቻውን ይወስናል።

የፊደል ፍለጋው ላይ አማርኛ የራሱ ጣጣ አለው። «ፀሐይ» ብላችሁ የጻፋችሁትን ደንበኛው «ጸሀይ» ብሎ ይፈልገዋል፤ የፀሐይ መብራቱም አይገኝም። ከመፈለጋችሁ በፊት ዝርዝሩንም ጥያቄውንም ወደ አንድ ፊደል አምጡ። የአማርኛ ፊደላት በኮምፒውተር ውስጥ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ተከታትለው ስለተቀመጡ በጥቂት መስመር ያልቃል፦

```python
d = {}
for a, b in ["ሐሀ", "ኀሀ", "ሠሰ", "ዐአ", "ፀጸ"]:
    for i in range(7):
        d[ord(a) + i] = chr(ord(b) + i)
text = text.translate(d)
```

ይህን ለፊደል ፍለጋው ብቻ ነው የማደርገው። ሞዴሉ ሰው እንደሚጽፈው ስላነበበ ለእሱ እንዳለ ነው የምሰጠው። ሌላም አለ። «የ»፣ «ለ»፣ «ከ» ከቃሉ ጋር ይጣበቃሉ፤ «ለምጣድ» ያለውን «ምጣድ» ላይ ማግኘት ያስፈልጋል። አንዳንዱ መሣሪያ ይህን የሚፈታው ቃሉን በሦስት በሦስት ፊደል እየቆረጠ ነው። እንግሊዝኛ ላይ ሦስት ፊደል ትንሽ ነው። እኛ ጋ «ጎማ» ሁለት ፊደል ነው፤ «ጣሳ»ም፣ «ሽቦ»ም። ሦስት ስለማይሞሉ ጨርሶ አይገኙም። ለ1,200 መስመር ይህ ሁሉ አያስፈልግም፤ ከጥያቄው ቃል ፊት ያለችውን መስተዋድድ ቆርጦ ቃሉ በመስመሩ ውስጥ አለ ወይ ብሎ ማየት ይበቃል።

«የማይ» ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። መብራት በጠፋ ሰሞን አንዲት ሴት «በመብራት የማይሠራ ምጣድ» ብላ ጻፈች። አንደኛ የወጣላት የኤሌክትሪክ ምጣድ ነበር። ጥያቄዋ ውስጥ ምጣድ አለ፣ መብራት አለ፤ ቬክተሩ ሁለቱን አየና በደስታ ሮጠ። አፍራሿን «የማይ» ከቁም ነገር አልቆጠራትም። እንዲህ ያሉ ሞዴሎች አሉታ ላይ ደካማ ናቸው፤ መግለጫውን ብታሳምሩትም አይድንም። እኛ ያደረግነው «ምን ይፈልጋል» የሚል ዓምድ መጨመር ነው፦ መብራት፣ ጋዝ፣ ከሰል፣ ምንም። ደንበኛው ከውጤቱ በላይ ባሉ ቁልፎች ይመርጣል። ውበት የለውም፤ ይሠራል።

ሳምቡሳ የጠየቀ

የአክስቴ ልጅ ለቀልድ «ሳምቡሳ» ብሎ ፈለገ። አምስት ዕቃ መጣ፤ መጥበሻው ፊት ላይ። ቬክተር ፍለጋ «የለም» ማለትን አያውቅም። ሁልጊዜ የሚቀርብ አንድ ነገር አለ፤ ድሬ ላይ ሆኖ ባሕር የጠየቀውንም ወደ ደቻቱ ወንዝ ይልከዋል።

«ታዲያ ከ0.5 በታች የሆነውን እንጣል» ትሉ ይሆናል። በዚህ ሞዴል ከ0.5 በታች የሚወጣ ነገር ብዙ አታገኙም። ሠሪዎቹ ራሳቸው እንደሚሉት የኢ5 ነጥቦች ከ0.7 እስከ 1 ባለው ውስጥ ነው የሚከማቹት። የማይገናኝ ነገር 0.78 ሊያመጣ ይችላል፤ ያ ማለት 78 በመቶ ይመሳሰላል ማለት አይደለም። ትርጉም ያለው ቅደም ተከተሉ ነው። መቁረጫውን ከራሳችሁ ሱቅ ማግኘት አለባችሁ። ሱቁ ውስጥ ያሉ ዕቃዎችን የሚመለከቱ ጥያቄዎችና ሱቁ የማይሸጣቸውን የሚመለከቱ ጥያቄዎችን አስኬዱ፤ የያንዳንዳቸውን አንደኛ ነጥብ ጻፉ። ሁለቱ ክምር የሚለያዩበትን ቦታ ታያላችሁ። እኛ ጋ መካከላቸው ላይ ተደራርበው ነበር። ስለዚህ አጠራጣሪዎቹን አልጣልናቸውም፤ «ይህን ይሆን?» በሚል ርዕስ ሥር አስቀመጥናቸው።

ጥያቄዎቹ ከየት ይምጡ? ከእናንተ ጭንቅላት እንዳይሆን። መግለጫውን የጻፈ ሰው የሚፈጥረው ጥያቄ ራሱ የጻፋቸውን ቃላት ይዞ ይመጣል፤ ፍለጋውም ጎበዝ መስሎ ይታያል። እኛ በር ላይ የመጣ ሰው ያለውን ቃል በቃል ደብተር ላይ ያዝን። 60 ሲሞላ ትክክለኛውን ዕቃ አጠገቡ ጻፍን። 40ውን ለማስተካከያ ተጠቀምን፤ አንዱ ካልተገኘ መግለጫው ላይ የጎደለውን መጠሪያ እንጨምራለን። 20ውን ግን አልነካናቸውም፤ ለፈተና ብቻ ናቸው። የምንቆጥረው አንድ ነገር ነው፦ ትክክለኛው ዕቃ ከመጀመሪያዎቹ አምስት ውስጥ ገባ ወይስ አልገባም። ስልክ ላይ ከአምስት በታች ወርዶ የሚያይ ሰው የለም።

አንድ ለውጥ ባደረግን ቁጥር 20ውን እናስኬዳለን። የማስታወቂያውን ጽሑፍ ያወጣነው፣ የእንግሊዝኛ ስሙን የጨመርነው፣ የፊደል ፍለጋውን የመለስነው በዚህ ፈተና አይተን ነው። እስካሁን አልገባ ያለን አንድ አለ። አንድ ሽማግሌ «ያ ማታ ማታ የሚጮኸውን ዝም የሚያሰኝ» ብለው ነበር የጠየቁት። አክስቴ ወዲያው ብድግ ብላ የወባ ትንኝ አጎበር አወጣችላቸው። ደብተሩ ላይ 17ኛው ጥያቄ ነው። ከፈተናዎቹ ውስጥ ስለሆነ መግለጫው ላይ «የሚጮኽ» ብዬ እንዳልጨምር ራሴን ከልክያለሁ።